የ3,600 ብሩ ልዩነት፦ የአንድ ቴኒስ ክለብ ውዝፍ መዋጮ

ጉዳዩ የአንድ አነስተኛ የሜዳ ቴኒስ ክለብ ነው። ክለቡ 140 አባላት አሉት፤ የዓመት መዋጮው ለእያንዳንዱ አባል 1,200 ብር ነው። ገንዘብ ያዡ ለጠቅላላ ጉባኤው ያቀረበው የ2015 የገንዘብ ቅበላና ክፍያ ሒሳብ ብቻ ነበር፤ በዓመቱ ውስጥ ወደ ካዝናና ወደ ባንክ የገባውንና የወጣውን የሚዘረዝር ሰነድ ማለት ነው።

| የገባ | ብር | የወጣ | ብር |
|---|---|---|---|
| ከ2014 የዞረ ገንዘብ | 38,400 | የሜዳ ሠራተኛ ደመወዝ | 71,500 |
| የአባላት መዋጮ | 169,200 | ለካፍቴሪያ ዕቃ አቅራቢዎች | 61,500 |
| የካፍቴሪያ ሽያጭ | 96,000 | የውድድር ወጪ | 15,800 |
| የውድድር መግቢያ | 24,000 | የሜዳ ኪራይ | 39,000 |
| የአሮጌ ሣር ማጨጃ ሽያጭ | 7,000 | መብራትና ውኃ | 11,400 |
| | | ኳስ መወርወሪያ ማሽን | 60,000 |
| | | ወደ 2016 የዞረ ገንዘብ | 75,400 |
| ድምር | 334,600 | ድምር | 334,600 |

ገንዘቡ ከ38,400 ወደ 75,400 ስላደገ ኮሚቴው «ዘንድሮ 37,000 ብር ተርፎናል» ብሎ ሊያጸድቅ ነበር። አንድ አባል ግን የሣር ማጨጃው ሽያጭ እንደ ገቢ፣ የኳስ መወርወሪያው ግዢ ደግሞ እንደ ወጪ መቆጠሩን ጠየቀ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ሁለቱም የዓመቱ ገቢና ወጪ አይደሉም። ይህ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። የገቢና ወጪ ሒሳቡን፣ ማለትም ገንዘቡ የገባበትንና የወጣበትን ጊዜ ሳይሆን የዓመቱ የሆነውን ገቢና ወጪ ብቻ የሚያሳየውን ሰነድ፣ ሲያዘጋጁ ብዙ ሥራ የጠየቀው «የአባላት መዋጮ 169,200» የሚለው አንድ መስመር ነው።

አንዱን መስመር መበተን

169,200 ለ1,200 ሲካፈል 141 ይሆናል፤ በዓመቱ የተቆረጠው የመዋጮ ደረሰኝ ብዛት ነው። ክለቡ 140 አባላት ስላሉት አንደኛው እይታ «ሁሉም ከፍሏል፣ እንዲያውም አንድ ተርፏል» የሚል ስሜት ይፈጥራል። ስህተቱ የሚጀምረውም እዚህ ነው፤ የገንዘቡ ድምር የማን ዓመት መዋጮ እንደሆነ አይናገርምና።

ስለዚህ የደረሰኝ ጉርዱን ከአባላት መዝገብ ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ግድ ሆነ። ለእያንዳንዱ አባል አንድ መስመር ተሰጠ፤ በመስመሩ ላይ የ2014፣ የ2015 እና የ2016 ሦስት ዓምዶች ተከፍተው እያንዳንዱ ደረሰኝ በሚመለከተው ዓመት ሥር ገባ። ውጤቱ ይህ ነበር፦

- ለ2014 ውዝፍ የተከፈለ፦ 11 ደረሰኝ፣ 13,200 ብር
- ለ2015 የተከፈለ፦ 122 ደረሰኝ፣ 146,400 ብር
- ለ2016 አስቀድሞ የተከፈለ፦ 8 ደረሰኝ፣ 9,600 ብር

በዚህ ሥራ ላይ ሁልጊዜ የሚያጋጥም ችግር አለ። ጥቂት ደረሰኞች «መዋጮ» ከማለት በቀር የየትኛው ዓመት እንደሆነ አይገልጹም። ገንዘብ ያዡም እነዚህን እንደ ዘንድሮ ክፍያ ይዟቸው ነበር። አባሉ የዓምና ውዝፍ ካለበት፣ ክፍያውም ለዚህ ነው ብሎ ካልገለጸ፣ በብዙ ክለቦች የሚሠራበት አሠራር የቆየውን ዕዳ ማስቀደም ነው፤ የክለቡ ደንብ ሌላ ካለ ደንቡ ይገዛል። እዚህ ደንቡ ዝም ስላለ ክፍያዎቹ ወደ 2014 ዓምድ ተዛውረዋል። ዝውውሩ የዓመቱን ገቢም ሆነ የውዝፉን ጠቅላላ ድምር አይለውጥም፤ የሚለውጠው ከውዝፉ ውስጥ ስንቱ ያረጀ እንደሆነ ነው። የማይሰበሰበውን ለመለየት ጊዜ ሲደርስ ግን ይህ ልዩነት ዋጋ አለው።

ቀጥሎ የ2014 መዝጊያ ተፈተሸ። በዚያን ጊዜ 15 አባላት የ2014ን መዋጮ አልከፈሉም ነበር፤ 18,000 ብር። አራት አባላት ደግሞ በ2014 ውስጥ የ2015ን መዋጮ አስቀድመው ከፍለው ነበር፤ 4,800 ብር። ይህ 4,800 በ2015 የገንዘብ ሒሳብ ላይ በጭራሽ አይታይም፤ ገንዘቡ የገባው ዓምና ነውና። የ2015 ገቢ መሆኑ ግን አይቀርም። የዘንድሮውን የገንዘብ መዝገብ ብቻ ይዞ የሚሠራ ሰው ይህን ቁጥር ሊያገኘው አይችልም፤ የዓምናው መዝጊያ ዝርዝር ያስፈልጋል።

በ2015 መጨረሻም ሁለት ዓይነት ውዝፍ ተገኘ። ከ140ዎቹ አባላት አራቱ አስቀድመው ከፍለዋል፣ 122ቱ በዓመቱ ውስጥ ከፍለዋል፤ ስለዚህ 14 አባላት፣ 16,800 ብር፣ የ2015ን መዋጮ አልከፈሉም። ከ2014ቱ 15 ባለውዝፎች ደግሞ 11ዱ ከፍለው አራት ቀርተዋል። ከአራቱ ሦስቱ ክለቡን ትተው ሄደዋል፣ ለማስታወሻ ደብዳቤም መልስ አልሰጡም፤ ኮሚቴው ዕዳቸው 3,600 ብር ከመዝገብ እንዲሰረዝ በቃለ ጉባኤ ወሰነ። አራተኛው አሁንም የሚጫወት አባል ስለሆነና በጽሑፍ እከፍላለሁ ስላለ 1,200 ብሩ በተሰብሳቢነት ቆየ።

የመዋጮ ሒሳብ

ይህ ሁሉ በአንድ የሌጀር ሒሳብ ላይ ሲሰበሰብ እንዲህ ይመስላል፦

| ዴቢት | ብር | ክሬዲት | ብር |
|---|---|---|---|
| መክፈቻ፦ የ2014 ውዝፍ | 18,000 | መክፈቻ፦ ለ2015 አስቀድሞ የተከፈለ | 4,800 |
| ወደ ገቢና ወጪ፦ 140 × 1,200 | 168,000 | በዓመቱ የተሰበሰበ ገንዘብ | 169,200 |
| መዝጊያ፦ ለ2016 አስቀድሞ የተከፈለ | 9,600 | ከመዝገብ የተሰረዘ | 3,600 |
| | | መዝጊያ ውዝፍ፦ የ2014 | 1,200 |
| | | መዝጊያ ውዝፍ፦ የ2015 | 16,800 |
| ድምር | 195,600 | ድምር | 195,600 |

የመክፈቻ ውዝፍ አባላት ለክለቡ ያለባቸው ዕዳ፣ ማለትም የክለቡ ሀብት ስለሆነ በዴቢት ይጀምራል። አስቀድሞ የተከፈለው ደግሞ ክለቡ ገና አገልግሎቱን ያልሰጠበት ገንዘብ ነው፤ የክለቡ ዕዳ ስለሆነ በክሬዲት ይጀምራል። መዝጊያው ላይ ሚዛኑን ለመሙላት በተቃራኒው ጎን ይጻፋሉ፣ ለቀጣዩ ዓመት ሲዞሩ ወደ መጀመሪያው ጎናቸው ይመለሳሉ። ሁለቱን ማቻቻል፣ ማለትም 18,000 ውዝፍን ከ9,600 አስቀድሞ የተከፈለ ጋር አጣፍቶ 8,400 ብቻ ማሳየት፣ ትክክል አይደለም፤ ያልከፈለውና አስቀድሞ የከፈለው አንድ ሰው አይደሉምና።

168,000 የሚለው ቁጥር ከሒሳቡ በተረፈ ልዩነት ብቻ መገኘት የለበትም። በሁለት በኩል ሲመጣ ነው የሚታመነው፦ አንዴ ከሌጀሩ እንደ ልዩነት፣ አንዴ ከአባላት መዝገብ በማባዛት። እዚህ ሁለቱ ተገናኝተዋል። በመጀመሪያው ሙከራ ግን አልተገናኙም ነበር፤ ከዚያ የሚገኘው ትምህርት ከትክክለኛው ሠንጠረዥ ይበልጣል።

ለምን 164,400 መጣ?

ብዙ ሰው የሚይዘው ቀመር ይህ ነው፦ የተሰበሰበው ገንዘብ፣ ሲቀነስ የመክፈቻ ውዝፍ፣ ሲደመር የመዝጊያ ውዝፍ፣ ሲደመር በመክፈቻ ላይ አስቀድሞ የተከፈለ፣ ሲቀነስ በመዝጊያ ላይ አስቀድሞ የተከፈለ። በቁጥር፦

```
169,200 - 18,000 + 18,000 + 4,800 - 9,600 = 164,400
```

የመክፈቻና የመዝጊያ ውዝፍ ሁለቱም 18,000 ስለሆኑ ተጣጥፈው ጠፉ፤ ማንም አልጠረጠረም። ሆኖም 164,400 ለ1,200 ሲካፈል 137 አባል ይሰጣል። መዝገቡ ላይ 140 ናቸው። የጎደሉት ሦስቱ የተሰረዘባቸው ሦስት ሰዎች ይመስላሉ፣ ነገር ግን አይደሉም፤ እነዚያ በ140ው ውስጥ ጭራሽ የሉም። የጎደለው የ2015 ገቢ አይደለም፤ ከ2014 ውዝፍ ላይ ሳይከፈል የጠፋው 3,600 ነው። ቀመሩ ውዝፍ የሚቀንሰው በመከፈል ብቻ ነው ብሎ ያስባል። ውዝፍ በስረዛም ሲቀንስ የተሰረዘው መጠን መልሶ መደመር አለበት፦ 164,400 + 3,600 = 168,000።

ገንዘብ ያዡ ይህን ሳያደርግ 164,400ን በገቢ፣ 3,600ን ደግሞ «የማይሰበሰብ መዋጮ» ብሎ በወጪ ጻፈ። አንድ ኪሳራ ሁለት ጊዜ ተመታ፤ አንዴ ገቢውን አሳንሶ፣ አንዴ ወጪውን አብዝቶ። ቢያንስ የሀብትና ዕዳ መግለጫው በትክክል 3,600 ስለተዛባ ስህተቱ ራሱን አጋለጠ። በክለብ ሒሳብ ልዩነቱ ለዓመቱ መዋጮ ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ መጀመሪያ የሚፈተሸው የመዋጮ ሒሳቡ ነው።

ሌላው አሳሳች ቁጥር ራሱ 169,200 ነው። ከትክክለኛው ገቢ የሚለየው በ1,200 ብቻ ስለሆነ «ለአንድ ሰው መዋጮ ምን ያህል ልንጨነቅ» የሚያሰኝ ነው። የቀረበው ግን ትልልቅ ስህተቶች ስለተጣፉ ነው። በውስጡ የሌላ ዓመት የሆነ 22,800 ብር አለ (የ2014ቱ 13,200 እና የ2016ቱ 9,600)፤ የ2015 ሆኖ በውስጡ የሌለ ደግሞ 21,600 ብር (አስቀድሞ የተከፈለው 4,800 እና ያልተከፈለው 16,800)። በሚቀጥለው ዓመት እነዚህ መጠኖች እንዲህ ይቀራረባሉ የሚል ዋስትና የለም።

የቀሩት መስመሮች

ሌሎቹ ቶሎ ያልቃሉ። ኪራይ በወር 3,000 ሲሆን ከተከፈለው 39,000 ውስጥ አንዱ ወር የ2014 ውዝፍ ኪራይ ስለሆነ የዓመቱ ወጪ 36,000 ነው። ደመወዝ በወር 6,500 ነው፤ የተከፈለው 11 ወር ሲሆን የመጨረሻው ወር 6,500 ገና ስላልተከፈለ ወጪው 78,000 ይሆናል። ለመብራትና ውኃ በመክፈቻ 700፣ በመዝጊያ 900 ያልተከፈለ ስለነበረ 11,400 ላይ 200 ይጨመራል።

ካፍቴሪያው ለብቻው ይሠራል። ለአቅራቢዎች ከተከፈለው 61,500 ላይ የዓምናው ዕዳ 4,500 ተቀንሶ የዘንድሮው ዕዳ 7,000 ሲደመር የዓመቱ ግዢ 64,000 ነው። የመክፈቻ ክምችት 6,200 ተደምሮ የመዝጊያው 7,700 ሲቀነስ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 62,500 ይሆናል፤ ከ96,000 ሽያጭ 33,500 ብር ይተርፋል። ውድድሩ 24,000 አስገብቶ 15,800 ስለወጣበት 8,200 አትርፏል።

የሣር ማጨጃው የመዝገብ ዋጋ 9,500 ነበር፤ በዓመቱ መጀመሪያ በ7,000 ስለተሸጠ ወደ ወጪ የሚገባው የ2,500 ኪሳራ ብቻ ነው። የኳስ መወርወሪያው 60,000 ደግሞ ሀብት ነው። ለአምስት ዓመት ያገለግላል ተብሎ በዓመቱ አጋማሽ ስለተገዛ የግማሽ ዓመት የእርጅና ቅናሹ 6,000 ነው። የቀድሞ ዕቃዎች የመዝገብ ዋጋ 120,000 ሲሆን የዓመት ቅናሻቸው 20,000 ነው።

| የ2015 የገቢና ወጪ ሒሳብ | ብር |
|---|---|
| የአባላት መዋጮ | 168,000 |
| የካፍቴሪያ ትርፍ | 33,500 |
| የውድድር ትርፍ | 8,200 |
| ጠቅላላ ገቢ | 209,700 |
| ደመወዝ | 78,000 |
| የሜዳ ኪራይ | 36,000 |
| መብራትና ውኃ | 11,600 |
| የተሰረዘ መዋጮ | 3,600 |
| በሣር ማጨጃ ሽያጭ የደረሰ ኪሳራ | 2,500 |
| የእርጅና ቅናሽ | 26,000 |
| ጠቅላላ ወጪ | 157,700 |
| የገቢ ብልጫ | 52,000 |

ብልጫው ኮሚቴው ከገመተው 37,000 የበለጠ መሆኑ ያስገርም ይሆናል። ዋናው ምክንያት ማሽኑ ነው፤ 60,000 ብር ከባንክ ወጥቷል፣ ወደ ወጪ የገባው ግን 6,000 ብቻ ነው። ይህ ማለት 52,000 ብር በእጅ አለ ማለት አይደለም። በባንክና በካዝና ያለው 75,400 ነው፤ ከእሱም ውስጥ 9,600ው የ2016 መዋጮ ነው።

ሚዛኑ የሚያረጋግጠውና የማያረጋግጠው

በ2014 መዝጊያ የክለቡ ሀብት 192,100 ነበር፦ ዕቃዎች 120,000፣ የሣር ማጨጃ 9,500፣ ክምችት 6,200፣ ውዝፍ መዋጮ 18,000፣ ገንዘብ 38,400። ዕዳው 13,000 ነበር፦ አስቀድሞ የተከፈለ መዋጮ 4,800፣ አቅራቢዎች 4,500፣ ኪራይ 3,000፣ መብራትና ውኃ 700። የተጠራቀመው ፈንድ ስለዚህ 179,100 ነው።

በ2015 መዝጊያ ዕቃዎች 154,000፣ ክምችት 7,700፣ ውዝፍ መዋጮ 18,000፣ ገንዘብ 75,400፤ ድምር 255,100። ዕዳው አስቀድሞ የተከፈለ መዋጮ 9,600፣ አቅራቢዎች 7,000፣ ደመወዝ 6,500፣ መብራትና ውኃ 900፤ ድምር 24,000። የተጣራው 231,100 ነው፤ 179,100 ላይ 52,000 ሲደመርም ይኸው ነው። ገጠመ።

መግጠሙ ግን ሁሉን አያረጋግጥም። ኮሚቴው የሦስቱን ሰዎች ዕዳ ባይሰርዝ ኖሮ የመዝጊያ ውዝፉ 21,600፣ ብልጫው 55,600 ይሆን ነበር፤ ሚዛኑም ያለ አንዳች ልዩነት ይገጥም ነበር። ሀብቱና ብልጫው እኩል ስለሚያብጡ ሒሳቡ አይጮህም። እንዲሁም የሄዱት ሦስት ሰዎች ከአባላት መዝገብ ሳይወጡ ቢቀሩ ገቢው 143 × 1,200፣ ማለትም 171,600 ተብሎ ይጻፋል፤ የማይከፍሉት የ2015 መዋጮም በውዝፍ ላይ ይከመራል፤ ሚዛኑ አሁንም ይገጥማል። እነዚህን የሚያጋልጠው ስሌት አይደለም፤ የውዝፍ ዝርዝሩን በስም አንብቦ «ይህ ሰው አሁንም ይመጣል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለዚህም ነው በመግለጫው ላይ ውዝፉ «18,000» ተብሎ ብቻ ሳይሆን የ2014ቱ 1,200 እና የ2015ቱ 16,800 ተለይተው የተጻፉት።

አንዳንድ ክለቦች አንዴ ካለፈ ውዝፍ ብዙ ጊዜ አይሰበሰብም ብለው መዋጮን ገንዘቡ ሲገባ ብቻ በገቢ ይመዘግባሉ። ጥንቃቄ ነው፣ ስህተትም አይባልም፤ ነገር ግን በየዓመቱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በዚህ ክለብ ከ15ቱ ባለውዝፎች 11ዱ ስለከፈሉ ውዝፍን በሀብትነት መያዝ ምክንያታዊ ነበር።

ወደ 2016 የሚዞረው የመዋጮ ሒሳብ በዴቢት 18,000፣ በክሬዲት 9,600 ይዞ ይከፈታል። ከተሰረዙት ሦስት ሰዎች አንዱ ድንገት መጥቶ 1,200 ቢከፍል ገንዘቡ በመዋጮ ሒሳቡ ውስጥ አይገባም፤ ዕዳው እዚያ ስለሌለ የሌላ አባል ውዝፍ እንደተከፈለ ያስመስላል። «ከተሰረዘ መዋጮ የተመለሰ» ተብሎ ለብቻው በ2016 ገቢ ላይ ይጻፋል፤ በደረሰኙም ላይ የ2014 መዋጮ መሆኑ ይገለጻል።